ለዋጋ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ (ፕሮፎርማ)

ፕሮፎርማ አንድ ገዥ ለሚያቀርበው የዋጋ ጥያቄ ሻጩ በጽሑፍ የሚሰጠው መልስ ነው። ዕቃው ወይም አገልግሎቱ ምን እንደሆነ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና እና ሽያጩ በምን ሁኔታ እንደሚፈጸም ይገልጻል። በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የግል ድርጅቶችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች አነስተኛና መካከለኛ ግዥዎቻቸውን በብዛት የሚፈጽሙት ቢያንስ ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ሰብስበው በማወዳደር ነው። አስመጪዎችም ለውጭ ምንዛሪ ጥያቄ ከውጭ ሻጭ የተላከላቸውን ፕሮፎርማ ለባንክ ያቀርባሉ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በአገር ውስጥ ገዥና ሻጭ መካከል የሚደረገውን ነው።

ፕሮፎርማ ደረሰኝ አይደለም፤ ሽያጭ ስላልተፈጸመ ግብር አይከፈልበትም። ይህን ብቻ ይዞ ግን ሻጩን የማያስገድድ ተራ ወረቀት ነው ማለት ስሕተት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሕዝብ የተለጠፈን ወይም በካታሎግ የተላከን የዋጋ ዝርዝር ከውል ሐሳብ አይቆጥርም (ቁጥር 1687)። ለተወሰነ ገዥ፣ ለተወሰነ ዕቃና ብዛት፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት የተሰጠ ዋጋ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ገዥው በጊዜው «ተቀብያለሁ» ካለ ሻጩን የሚይዝ የውል ሐሳብ ነው። ስለዚህ ፕሮፎርማ ሲዘጋጅ አንዱ ክፍል ከሌላው ተነጥሎ አይጻፍም። ዋጋው ትርጉም የሚኖረው ከቀኑና ከሁኔታዎቹ ጋር ሲነበብ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ከተዛባ ሌሎቹም ይዛባሉ።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ መከታተል ይሻላል። አዳማ የሚገኝ የግል ትምህርት ቤት ለአዲስ አበባ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ድርጅቶች የዋጋ ጥያቄ ይልካል እንበል። የጠየቀው 120 ባለሁለት መቀመጫ ኮምባይንድ ዴስክና 8 የእንጨት የመምህር ጠረጴዛ ከነወንበሩ ሲሆን፣ ዋጋው አዳማ ድረስ ማጓጓዣን ጨምሮ እንዲሆን አሳስቧል። እዚህ የተጠቀሱት ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

ዋጋው

መልሱ የሚጀምረው ከዕቃው መግለጫ ነው። «ኮምባይንድ ዴስክ፣ 120፣ 5,000 ብር» ብሎ የጻፈ ሻጭ ራሱን ለሁለት አደጋ ያጋልጣል። አንደኛ፣ በ0.8 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ከሚሠራ ተወዳዳሪ ጋር እኩል ይታያል፤ ያኛው በርግጥ ርካሽ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ርክክብ ላይ ገዥው «እኔ የጠበቅሁት ወፍራሙን ነው» ካለ የሚታይ ነገር የለም። ጥሩ መግለጫ የማሞገሻ ቃላት አያስፈልጉትም፤ የሚለኩ ነገሮችን ብቻ ይይዛል። ለምሳሌ፦ «ፍሬም፦ 25×25 ሚ.ሜ. ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ 1.2 ሚ.ሜ.፤ የጠረጴዛውና የመቀመጫው ገጽ፦ 18 ሚ.ሜ. ኤምዲኤፍ፣ ጠርዙ የተሸፈነ፤ ቀለም፦ አንድ እጅ ጸረ ዝገት፣ ሁለት እጅ ዘይት ቀለም»። እንዲህ ከተጻፈ የገዥው ኮሚቴ የቱቦላሬውን ጫፍ በካሊፐር ለክቶ ማረጋገጥ ይችላል፤ ሻጩም ዋጋው ለምን ከፍ እንዳለ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ቀጥሎ ሻጩ ለራሱ ብቻ የሚይዘው ስሌት አለ። አንድ ዴስክ 4,400 ብር ይፈጅበታል፤ ከዚህ ውስጥ 2,200 ብሩ የብረት ነው። 400 ብር ትርፍ ይዞ አዲስ አበባ ላይ በ4,800 ብር ሊሸጠው ይችላል። ዕቃው ለሁለት አይሱዙ የሚበቃ ነው፤ አንዱ አይሱዙ አዳማ ድረስ 12,000 ብር ቢጠይቅ ማጓጓዣው በድምሩ 24,000 ብር ይሆናል። ጥያቄው የደረሰ ዋጋ ስለሚል ማጓጓዣውን ለብቻው በአንድ መስመር ከመጻፍ በዴስኮቹ ላይ ማከፋፈል ይቀላል፦ 24,000 ለ120 ሲካፈል በዴስክ 200 ብር ነው። ስለዚህ ነጠላ ዋጋው 5,000 ብር ይሆናል። የመምህር ጠረጴዛው ከነወንበሩ 7,500 ብር ነው።

በሰንጠረዡ ላይ የሚሰፍረው እንግዲህ ይህ ነው፦ 120 ዴስክ በ5,000 ብር፣ 600,000፤ 8 ጠረጴዛ በ7,500 ብር፣ 60,000፤ ድምር 660,000፤ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ፣ 99,000፤ ጠቅላላ 759,000 ብር። ጠቅላላው በፊደልም ይጻፋል።

ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው ከታክሱ መስመር ነው። ሻጩ 660,000 ብር ብሎ ጽፎ ስለ ቫት ምንም ሳይናገር ቢቀር ገዥው ዋጋው ቫትን ያካተተ ነው ብሎ ሊሟገት ይችላል። ክርክሩን ገዥው ካሸነፈ ከ660,000ው ውስጥ 86,087 ብሩ ታክስ ነው ማለት ነው። ሻጩ ከ120ው ዴስክ የሚጠብቀው ትርፍ 48,000 ብር ብቻ ስለሆነ ትርፉ ጠፍቶ ከኪሱ ይከፍላል። በአንጻሩ ሦስት ፕሮፎርማ ይዞ የሚያወዳድር ኮሚቴ አንዱ ከቫት በፊት፣ ሌላው ከቫት በኋላ የተጻፈ ከሆነበት የተሳሳተ አሸናፊ ሊመርጥ ይችላል። ስለዚህ ድምሩ፣ ታክሱና ጠቅላላው በሦስት የተለያዩ መስመሮች መጻፍ አለባቸው። ገዥው ከክፍያው ላይ የሚቀንሰው ተቀናሽ ግብር ግን ከዋጋው ጋር አይገባም። የሚሰላው ከቫት በፊት ባለው ድምር ላይ ሲሆን፣ ሻጩ የተቀነሰበትን ደረሰኝ ይዞ ከዓመታዊ ግብሩ ያቻችለዋል። ተቀናሹን አስቦ ዋጋውን ከፍ የሚያደርግ ሻጭ ያለምክንያት ራሱን ከውድድር ያወጣል።

የስሌት ስሕተትም የራሱ ደንብ አለው። በመንግሥት ግዥ በነጠላ ዋጋና በድምር መካከል ልዩነት ሲገኝ የሚጸናው ነጠላ ዋጋው ነው። ሻጫችን ነጠላውን በስሕተት 4,900 ጽፎ ድምሩን 600,000 ቢያደርግ ድምሩ ወደ 588,000 ይወርድበታል። ከመፈረሙ በፊት እያንዳንዱን መስመር ሠንጠረዡን ያላዘጋጀ ሰው በካልኩሌተር ቢያባዛው ይህ ስሕተት ይያዛል።

ዋጋው የሚጸናበት ጊዜ

በብዙ ፕሮፎርማዎች ግርጌ «ዋጋው ለ15 ቀን ይጸናል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይገኛል፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግን ብዙ ጊዜ የጻፈውም አያውቅም። ከቀድሞው ፕሮፎርማ የተቀዳ ነው። ጊዜው መወሰን ያለበት በሁለት ነገሮች ነው፦ ሻጩ ራሱ ግብዓቱን በዚያ ዋጋ ማግኘት የሚችለው እስከ መቼ ነው? ገዥውስ ለመወሰን ስንት ቀን ያስፈልገዋል?

በምሳሌያችን ብረት ነጋዴው ለሻጩ የሰጠው ዋጋ ለ10 ቀን የሚቆይ ነው። የትምህርት ቤቱ ቦርድ የሚሰበሰበው ግን በ12ኛው ቀን ነው። ሻጩ 10 ቀን ብሎ ቢጽፍ ቦርዱ ሲሰበሰብ ፕሮፎርማው ያለፈበት ይሆናል፤ 15 ቀን ቢል ደግሞ የመጨረሻዎቹ አምስት ቀናት አደጋ የእሱ ነው። አደጋውን ማስላት ይቻላል። ብረት 12 በመቶ ቢጨምር በዴስክ 264 ብር፣ በ120 ዴስክ 31,680 ብር ወጪ ይጨምራል። ይህ ከ48,000 ብሩ ትርፍ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይበላል፤ ከሥራው ግን አያከስርም። አደጋውን ከቻለው 15 ቀን ይሰጣል፤ ካልቻለ በነጠላ ዋጋው ላይ ጥቂት ይጨምራል ወይም ቦርዱ ቀደም ብሎ እንዲወስን ይጠይቃል። የሚጸናበት ጊዜ ረዘመ ማለት ሻጩ ለገዥው ነፃ ዋስትና ሰጠ ማለት ስለሆነ ዋስትናው ዋጋ አለው።

በአገራችን ይህ አደጋ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ታይቷል። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ባደረገበት በዚያ ቀን አንድ የአሜሪካ ዶላር በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ወጣ፤ በሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ። በሐምሌ አጋማሽ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃን ለ60 ቀን የሚጸና ዋጋ የሰጠ ሻጭ ምን እንደገጠመው መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ፈርተው ጊዜውን ጭራሽ ሳይጽፉ የሚተዉ ሻጮች አሉ። ይህ አያድንም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ጊዜ የወሰነ ሰው ያ ጊዜ እስኪያልፍ በቃሉ እንደሚገደድ (ቁጥር 1690)፣ ጊዜ ያልወሰነም ሌላኛው ወገን ለመወሰን ይፈጅበታል ተብሎ በሚገመት ምክንያታዊ ጊዜ ውስጥ እንደሚገደድ (ቁጥር 1691) ይደነግጋል። ጊዜውን አለመጻፍ ማለት ርዝመቱን ለዳኛ ግምት መተው ነው።

አጻጻፉም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ለ15 ቀን» ሲባል ከየትኛው ቀን ጀምሮ? ፕሮፎርማው ከተጻፈበት፣ ገዥው እጅ ከገባበት ወይስ ፖስታው ከተከፈተበት? የሥራ ቀን ወይስ የመቁጠሪያ ቀን? ከቁጥሩ ይልቅ የማብቂያውን ቀን መጻፍ ጥያቄውን ሁሉ ይዘጋዋል። ቀኑ በቁጥር ብቻ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፦ 19/03/2018 ለአንዱ አንባቢ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ለሚሠራ የሒሳብ ክፍል ግን ከዓመታት በፊት ያለፈ የማርች ቀን ነው። ስለዚህ የወሩ ስም በፊደል ይጻፋል፤ ገዥው በሁለቱም አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ ሁለቱም ይሰፍራሉ። ሰዓትም ቢሆን «11፡00» ብቻ ከተባለ የጠዋት ሊመስለው የሚችል አለ።

አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ተዋዋዮች በተለያየ ቦታ ሲሆኑ በሕጉ ቁጥር 1692 መሠረት ውሉ ተፈጸመ የሚባለው የመቀበያው መልስ ለሻጩ በተላከበት ቀን ነው። ቦርዱ በመጨረሻው ቀን ደብዳቤውን ቢልክና ሻጩ ጋ ከሦስት ቀን በኋላ ቢደርስ፣ በዚያ መካከል ብረቱ ቢወደድም ሻጩ ታስሯል። ይህን የማይፈልግ ሻጭ መድረሻውን ራሱ መወሰን አለበት። የምሳሌያችን ሻጭ ፕሮፎርማውን ኅዳር 4 ቀን ከጻፈ ዐረፍተ ነገሩ እንዲህ ይሆናል፦ «ይህ ዋጋ የሚጸናው የግዥ ትእዛዝዎ እስከ ዓርብ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 28 ቀን 2025) ከቀኑ 11፡00 ሰዓት ድረስ በቢሯችን ወይም በኢሜይል አድራሻችን ከደረሰን ነው።»

ሁኔታዎቹ

የሚጸናበት ጊዜ ከማስረከቢያ ጊዜ ጋር በተደጋጋሚ ይደባለቃል። አንደኛው ገዥው እስከ መቼ ማዘዝ እንደሚችል ይናገራል፤ ሁለተኛው ካዘዘ በኋላ ዕቃው በስንት ቀን እንደሚደርሰው ይናገራል። «ማስረከቢያ፦ በ25 የሥራ ቀናት» የሚለው ከምን ጀምሮ እንደሚቆጠር ካልተጻፈ ትምህርት ቤቱ ከትእዛዙ ቀን፣ ሻጩ ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ ከገባበት ቀን ይቆጥራሉ። የቼክ ፊርማ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ መዘግየቱ የማን እንደሆነ የሚወስነው ያ አንድ ሐረግ ነው።

የቅድሚያ ክፍያ መጠንም እንደ ልማድ «50 በመቶ» ተብሎ መጻፍ የለበትም። ሻጩ በቅድሚያ ገንዘብ የሚፈልገው ብረቱን በዋጋው ለመያዝ ነው። ብረቱ በዴስክ 2,200፣ በ120 ዴስክ 264,000 ብር ነው፤ ይህም ከቫት በፊት ካለው 660,000 ብር 40 በመቶ ነው። ስለዚህ 40 በመቶ ይጠይቃል፤ ከነቫቱ 303,600 ብር ይሆናል። ቀሪው 455,400 ብር በርክክብ ዕለት ይከፈላል። ምክንያት ያለው ቁጥር ሲደራደሩበትም ይጸናል። ገዥው መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ለቅድሚያ ክፍያው ተመጣጣኝ ዋስትና ይጠይቅ ነበር፤ የዋስትናው ወጪም በዋጋው ውስጥ መታሰብ ይኖርበት ነበር።

ብዛቱም ሁኔታ ያስፈልገዋል። ማጓጓዣው በ120 ዴስክ ተከፋፍሎ ነጠላ ዋጋው ውስጥ ስለገባ ትምህርት ቤቱ 90 ብቻ ቢያዝ ሁለት አይሱዙ መጫኑ አይቀርም፤ ከዴስኮቹ የሚሰበሰበው ግን 18,000 ብር ብቻ ነው። 6,000 ብር ይጎድላል። ስለዚህ «ነጠላ ዋጋው የሚሠራው ከ110 ዴስክ ላላነሰ ትእዛዝ ነው» የሚል መስመር ይገባል። የማራገፍ ሥራ የማን እንደሆነም እዚሁ ይጻፋል፤ አይሱዙው በር ላይ ቆሞ ስለ ጫኝና አውራጅ ሒሳብ መነጋገር ሁለቱንም ያዋርዳል።

ሊቀሩ የሚገባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ዋነኛው «የገበያ ዋጋ ከተለወጠ ዋጋችንም ይለወጣል» የሚለው ነው። ይህ ሐረግ ከላይ የተጻፈውን ዋጋና ቀን በሙሉ ያፈርሳል፤ አስተዋይ ኮሚቴም እንዲህ ያለውን ፕሮፎርማ ከውድድር ማውጣቱ ተገቢ ነው። ሻጩ የዋጋ ለውጥ የሚያሰጋው ከሆነ ጊዜውን ያሳጥር፣ ወይም ለውጡን በሚለካ ነገር ይሰር፦ ስሌቱ የተሠራበትን የምንዛሪ ተመን፣ ተመኑን ያወጣውን ባንክና ቀኑን ጽፎ፣ ተመኑ በስንት በመቶ ሲያልፍ የትኛው የዋጋው ክፍል ብቻ እንደሚስተካከል ይግለጽ።

ገዥው በጥያቄው ራሱ ሁኔታ አስቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ «ክፍያ ከርክክብ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ»። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ ልዩነቱን በጉልህ መጻፍ አለበት። በግርጌ በትንሽ ፊደል ቅድሚያ ክፍያ ከጠየቀ፣ ገዥው ሳያየው ካዘዘ በኋላ ጠብ ይነሣል። በመንግሥት ግዥ ከተጠየቀው የተለየ ሁኔታ ማቅረብ ከውድድር ሊያስወጣ ስለሚችል ጥያቄውን ቀድሞ በጽሑፍ ማንሣት ይሻላል። ለግል ገዥ ግን ሁለት ዋጋ ማቅረብ ይቻላል፦ አንዱ ከቅድሚያ ክፍያ ጋር፣ ሌላው ያለ ቅድሚያ ክፍያና በጥቂቱ ከፍ ያለ።

መልሱ ሲመጣ

ቦርዱ ተሰብስቦ ኅዳር 17 ቀን እንዲህ ሲል ጻፈ እንበል፦ «ፕሮፎርማችሁን ተቀብለናል፤ ነገር ግን ዴስኩ 90፣ ቅድሚያ ክፍያው 25 በመቶ ይሁን።» ደብዳቤው «ተቀብለናል» ቢልም መቀበል አይደለም። በቁጥር 1694 መሠረት ከቀረበው ሐሳብ ጋር በትክክል የማይስማማ መልስ የመጀመሪያውን ሐሳብ እንደ አለመቀበልና አዲስ ሐሳብ እንደ ማቅረብ ይቆጠራል። ስለዚህ ሻጩ በ5,000 ብሩ አይገደድም። ዝም ብሎ ብረት መቁረጥ ከጀመረ ግን በ90 ዴስክና በ25 በመቶ እንደተስማማ ሊቆጠርበት ይችላል።

የሚሻለው አዲስ ፕሮፎርማ ማውጣት ነው፤ አዲስ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፣ የኅዳር 4ቱን እንደሚተካም በግልጽ ይጻፍበታል። 24,000 ብሩ ለ90 ሲካፈል 267 ብር ገደማ ስለሆነ ነጠላ ዋጋው ወደ 5,070 ብር ከፍ ይላል። 90 ዴስክ 456,300፣ ጠረጴዛዎቹ 60,000፣ ድምር 516,300፣ ቫት 77,445፣ ጠቅላላ 593,745 ብር ይሆናል። ለክፍያውም መካከለኛ መንገድ አለ። ለ90 ዴስክ የሚያስፈልገው ብረት 198,000 ብር ነው፤ ከቫት በፊት ካለው ድምር 25 በመቶው 129,075 ብር ስለሆነ ከብረቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይገዛል። ሻጩ 25 በመቶ ሲታዘዝ፣ 15 በመቶ ደግሞ ግማሹ ፍሬም ተበይዶ የትምህርት ቤቱ ተወካይ መጥቶ ካየው በኋላ እንዲከፈል መጠየቅ ይችላል። ትምህርት ቤቱ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ሥራውን ያያል፤ ሻጩም ቀሪውን ብረት በሰው ገንዘብ ይገዛል።

ከማብቂያው ቀን በኋላ የሚደርስ ትእዛዝ ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ በመጀመሪያው ፕሮፎርማ ላይ ያለምንም ለውጥ አዝዞ፣ ትእዛዙ ግን ሰኞ ኅዳር 22 ቀን ቢደርስ፣ ሻጩ ብረት ነጋዴው ጋ ደውሎ ዋጋውን ያረጋግጣል። ዋጋው ካልተለወጠ በዕለቱ «ጊዜው ቢያልፍም በዚያው ዋጋና ሁኔታ ተቀብለናል» ብሎ በጽሑፍ ይመልሳል፤ ከተለወጠ አዲሱን ፕሮፎርማ ይልካል። በስልክ «ችግር የለም» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ለርክክብ ኮሚቴውም ሆነ ለኦዲተሩ የሚታየው ፋይሉ ውስጥ ያለው ወረቀት ነው።